ስድስት ሰዓት በቀስታ ወይስ አንድ ሰዓት ተኩል በጩኸት?

በመድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ወጣት የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እየሰማ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሠራተኛ ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል የጆሮ ማዳመጫ ከጆሮው አይወጣም። ጠዋትና ማታ ደግሞ 45፣ 45 ደቂቃ በአውቶቡስ ይጓዛል፤ መንገዱን የሚገፋው ሙዚቃ እየሰማ ነው። የሆነ ቦታ ላይ የስልኩን ድምፅ ከ60 በመቶ አታሳልፍ፣ ከ60 ደቂቃ በላይም አትስማ የሚል ደንብ አነበበና ደነገጠ። በዚያ ደንብ ከተሄደ እሱ ገደቡን ብዙ እጥፍ አልፏል። ስለዚህ በቀን ስንት ሰዓት ቢያዳምጥ ጆሮው እንደማይጎዳና ሥራውን መልቀቅ ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀ። ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ እግረ መንገዱን አንድ ነገር አንሥቷል። አመሻሽ ላይ ቤቱ ሲገባ ጆሮው የመደፈን ስሜት ይሰማዋል፣ ጭው የሚል ድምፅም አለ፤ ተኝቶ ሲነሣ ግን ይተወዋል። ጥፋተኛው ሥራው ስለመሆኑ አልተጠራጠረም።

እኔ መድረኩን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ። ክሩ ረዝሞ መልሶቹ እርስ በርስ ስለተጠላለፉ፣ አዲስ የሚመጣ ሰው መሃል ላይ እንዳይጠፋ በየቁጥራቸው ልተርካቸው ወሰንኩ። የራሴን አስተያየት የጨመርኩባቸው ቦታዎችም አሉ፤ በጩኸት የተጎዳ ጆሮ ተመልሶ የሚጠገን ነገር ስላልሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቁጥር 1 የተጻፈው ክሩ በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ጸሐፊው ደንቡ ደንብ እንደሆነ፣ 60 በ60ን ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው፣ ጠያቂው ሥራውን ቢለቅ እንደሚሻለው በሁለት መስመር ጽፎ ወጣ። ቅንነት አይጎድለውም፤ ሰውን ለሥራ መልቀቅ የሚያበቃ መልስ ግን በሁለት መስመር አይሰጥም።

ቁጥር 2 ላይ አንዲት ልጅ በትሕትና ጥያቄውን በጥያቄ መለሰች። 60 በመቶ የምን 60 በመቶ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። እሷ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ አላት፤ በአንዱ ግማሽ ላይ የሚበቃት ድምፅ በሌላው ሦስት አራተኛ ላይ እንኳ አይበቃትም። ስልኩ ግን ያው አንድ ስልክ ነው። በእኔ አስተያየት ክሩ መንገዱን የያዘው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 3 የመስማት ምርመራ ባለሙያ ናት፤ በክሩ ውስጥ ደጋግማ ስለምትመጣ ከአሁን በኋላ ባለሙያዋ እላታለሁ። በመቶኛው የሚያሳየው ስልኩ ድምፁን ምን ያህል እንደገፋው እንጂ ጆሮ ውስጥ የሚደርሰውን መጠን እንዳልሆነ አስረዳች። የሚደርሰው መጠን በማዳመጫው ዓይነት፣ ጆሮ ቀዳዳ ላይ በደንብ በመግጠሙና በቀረጻው በራሱ ይለያያል። ጎልቶ በተቀዳ ዘፈንና በዝግታ በሚያወራ ሰው መካከል፣ ቮልዩሙ ሳይነካ፣ ትልቅ ልዩነት አለ። ስለዚህ መለካት ያለበት በዴሲቤል ነው። ቀጥላ የጠቀሰችው የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በጋራ ያወጡትን መለኪያ ነው፤ ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ለዚያው ለ40 ሰዓት። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት፣ 89 ላይ 5 ሰዓት፣ 92 ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እነዚህ ሰዓቶች የሳምንት እንጂ የቀን አለመሆናቸውን ሁለት ጊዜ ደግማ ጽፋለች፤ ደግ አደረገች፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላም የተሳሳቱ ነበሩ።

የ60 በ60ን ነገር ፈጽማ አልጣለችውም። ምንም መለኪያ ለሌለው ሰው ከምንም ይሻላል ባይ ናት። ቅር የሚላት ሰው በመቶኛው ተማምኖ በጣም ኃይለኛ ማዳመጫ ሲጠቀም፣ ወይም እንደዚህ ልጅ በቀስታ እየሰማ በከንቱ ሲሸበር ነው።

ቁጥር 4 በቁጣ ነው የገባው። ፋብሪካ ውስጥ በሥራ ደኅንነት ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። የታወቀው ገደብ 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት እንደሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተፈቀደው ደግሞ 90 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት እንደሆነ፣ ባለሙያዋ የጻፈችው ሰውን ለማስፈራራት እንደሆነ ገለጸ። በማሽን መካከል የሚውሉ ሰዎችን ሲያሠለጥን የኖረ ሰው በስልክ ሙዚቃ ምክንያት እንዲህ መጨነቅ ቅንጦት ሆኖ ታየው።

ሰውየው ያነሣቸው ቁጥሮች ውሸት አይደሉም። ቁጥር 5 ላይ ባለሙያዋ የመለሰችውም ይህንኑ አምና ነው። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ምክር ነው፤ 90 ደግሞ ከዚያ የላላው የሕጉ ገደብ ነው። ሁለቱም ግን የተሠሩት ለሥራ ቦታ ነው። ሠራተኛው ከፈረቃው ሲወጣ ጸጥታ ውስጥ እንደሚያርፍ ታስቧል፤ ገደቡ ተጠብቆም ከሠራተኞች መካከል የተወሰኑት በዕድሜ ልክ ሥራ መስማታቸው መቀነሱ እንደማይቀር ታውቆ የተቀመጠ ነው። በ85 እና በ80 መካከል ያለው 5 ዴሲቤል ትንሽ ቢመስልም በድምፅ ጉልበት ሲሰላ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ለመዝናኛ ብሎ ራሱ ለሚመርጠው ድምፅ ማንም ያን ያህል አደጋ መቀበል የለበትም የሚል ነው ነጥቧ። ቁጥር 4 መልስ አልሰጠም፤ ግን ወደ ኋላ ላይ ቀዝቅዞ ተመልሷል።

ቁጥር 6 ጥሩ አሳቢ ነው፤ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ነው የተሳካለት። ስልኩ ላይ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ጭኖ፣ ማዳመጫውን ከማይክሮፎኑ አጠገብ አስጠግቶ 78 ዴሲቤል አገኘ። ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ የራሱን እንዲለካ መከረ፤ ከገደቡ በታች በመሆኑም እፎይ ማለቱን ጻፈ።

ቁጥር 7 የድምፅ ቴክኒሺያን ነው። ቁጥር 6ን ሳያሳፍር የመለሰበት መንገድ ደስ ይላል። በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ድምፁን የሚሠራው ተዘግቶ ባለ ትንሽ የአየር ክፍል ውስጥ ነው። ወደ አየር ሲወጣ ወፍራሙ ድምፅ ይበተናል። የጆሮ ቀዳዳ ደግሞ በራሱ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭን ድምፅ ያጎላል፤ የስልክ ማይክሮፎን ይህን አያደርግም። ስለዚህ በአየር ላይ 78 ያነበበ ማዳመጫ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ከዚያ በጣም ከፍ ሊል ይችላል። በትክክል የሚለካው የሰው ጆሮ ቅርጽ ባለው መሣሪያ ነው። ያ ለሌለው ሰው የቀረው ስልኩ ራሱ የሚያሰላው ግምት ነው። ግምቱም የሚታመነው የስልኩና የማዳመጫው ሠሪ አንድ ሲሆን፣ ወይም ስልኩ የማዳመጫውን ባሕርይ ሲያውቅ ነው። ያልታወቀ ማዳመጫ በሽቦ ሲሰካ ስልኩ ከቮልዩሙ ተነሥቶ ይገምታል፤ ያን ጊዜ ብዙ ዴሲቤል ሊስት እንደሚችል አሳሰበ።

በነገራችን ላይ ይህን መልስ ካነበቡ በኋላም መተግበሪያውን ከማዳመጫው አስጠግተው ቁጥር የለጠፉ ሦስት ሰዎች አሉ። እነሱን አልቆጠርኳቸውም።

ቁጥር 8 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ስልኩ አይፎን ነው፤ የገመድ አልባ ማዳመጫውም የዚያው ኩባንያ ነው። ቴክኒሺያኑ ባሳየው መሠረት Health ከሚለው ውስጥ Hearing፣ ከዚያ Headphone Audio Levels የሚለውን ከፍቶ የሳምንቱን መዝገብ አየ። አንዳንዴ ቃለ መጠይቆቹን በስልኩ ስለሚሰማቸው እነሱም ተመዝግበዋል፤ አማካያቸው 71 ዴሲቤል ነው። የአውቶቡሱ ሰዓት ግን 92 ሆኖ ተገኘ። ግራ ገባው፤ አውቶቡስ ላይ ድምፁን ብዙ የሚጨምር አይመስለውም ነበር።

ቁጥር 9ን የጻፈችው የሒሳብ መምህርት ናት፤ ክሩን በሙሉ ማንበብ የማይችል ሰው ይህችን ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል። ለአምስት የሥራ ቀን አሰላችለት። ጠዋትና ማታ ሲደመር በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ሰባት ሰዓት ተኩል በ92 ዴሲቤል ያዳምጣል። በዚያ መጠን የሚፈቀደው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ አውቶቡሱ ብቻውን የሳምንቱን ድርሻ ሦስት እጥፍ፣ 300 በመቶ ይበላል። ወደ ሥራው ስትመጣ፣ 71 ከ80 በ9 ዴሲቤል ያንሳል፤ ያ ማለት ሦስት ጊዜ 3 ስለሆነ የሚፈቀደው ጊዜ ሦስት ጊዜ እጥፍ ይሆናል፦ ከ40 ወደ 80፣ ወደ 160፣ ወደ 320 ሰዓት። እሱ በሳምንት የሚሠራው 30 ሰዓት ነው። ከ320 ውስጥ 30 ማለት ከ10 በመቶ በታች ነው።

ልጁ ሊለቀው ያሰበው ሥራ ከድርሻው አንድ አሥረኛ እንኳ አይወስድም፤ ድርሻውን ሦስት ጊዜ የሚያሟጥጠው እንደ ማረፊያ የሚያየው መንገድ ነው። ብዙ ሰው ጉዳትን የሚለካው ማዳመጫው ጆሮው ላይ በቆየበት ሰዓት ስለሆነ ይህ ስሌት ያስደነግጣል። ለዚህ ነው ቁጥር 1 የመከረውን ቢፈጽም ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስብ ያሳሰበኝ፤ ሥራውን አጥቶ አውቶቡሱን ይቀጥል ነበር።

ቁጥር 10 ጠያቂው ራሱ ነው፤ ተከራከረ። ሙዚቃው አውቶቡስ ውስጥ ልክ እንደሚሆን እንጂ እንደማይጮህበት፣ ቤት ውስጥ በዚያው ቮልዩም ቢከፍት ግን ሊቋቋመው እንደማይችል ጻፈ። ሳያውቀው የራሱን ጥያቄ መልሷል። ቴክኒሺያኑ ቁጥር 11 ላይ ይህንኑ ያዘ። የሞተሩና የጎማው ድምፅ ሙዚቃውን ይሸፍነዋል፣ በተለይ ወፍራሙን ክፍል፤ ሰው ደግሞ ሙዚቃው ከዙሪያው ጩኸት በላይ ሆኖ እንዲሰማው እጁን ወደ ቁልፉ ይሰዳል። ጆሮ ድምፁን ከጎኑ ካለው ጩኸት ጋር እያወዳደረ ስለሚሰማ 92 ልከኛ ይመስላል። ለውስጠኛው ጆሮ ግን 92 በአውቶቡስም በመኝታ ቤትም ያው 92 ነው።

መፍትሔው ጆሮን መዝጋት ነው። ቴክኒሺያኑ በመጀመሪያ ያስመረመረው ማዳመጫው ጫፍ ላይ ያለችውን የጎማ ቆብ ነው። ጠያቂው ከካርቶኑ ጋር የመጣችውን መካከለኛዋን ነበር የሚጠቀመው፤ አፉን ሲከፍትና ሲያኝክ አንደኛው ጆሮ ላይ ትንሸራተታለች። ቆቧ በደንብ ካልገጠመች ሁለት ነገር ይከተላል፤ የውጭው ጩኸት ይገባል፣ የሙዚቃው ወፍራም ድምፅ ይሾልካል፤ ሰውየው ሁለቱንም ለማካካስ ቮልዩም ይጨምራል። መግጠሟን የሚያውቀው ማዳመጫውን አድርጎ ምንም ሳይከፍት ሲናገር ነው፤ የራሱ ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ ጎልቶና ወፍሮ ከተሰማው ዘግታለች፣ ሁልጊዜ እንደሚሰማው ከሆነ ክፍተት አለ። አንደኛው ጆሮ ከሌላው የሰፋ ቆብ ሊፈልግ እንደሚችልም አስታወሰው። ከዚያ ጩኸት የሚያጠፋውን ቅንብር ማብራት፣ ከዚያ ብቻ ሙዚቃውን ከዜሮ ጀምሮ ቃሉ እስኪለይ ድረስ ቀስ እያሉ ማሳደግ። ከላይ ወደ ታች እየቀነሱ የሚያቆሙበትና ከታች ወደ ላይ እየጨመሩ የሚያቆሙበት ቦታ አንድ እንደማይሆን ከልምዱ ጽፏል፤ ሞክሬው እውነቱን ነው።

ቁጥር 12 ጩኸት የሚያጠፋው ማዳመጫ ራሱ የማይሰማ ጎጂ ድምፅ ወደ ጆሮ እንደሚረጭ፣ ለዚህም ማስረጃው ሲያበራው ጆሮው ላይ የሚሰማው ግፊት እንደሆነ ጻፈ። ቴክኒሺያኑ በአጭሩ መለሰ፤ ማዳመጫው የሚጨምረው ድምፅ የውጭውን የሚሽር ስለሆነ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ድምር ያንሳል። የግፊት ስሜቱ ለአንዳንድ ሰው የማይመች መሆኑን ግን አልካደም፤ እንዲህ ለሚሰማው ሰው በደንብ የሚዘጋ ቆብ ብቻውን ብዙ እንደሚረዳ ጠቆመ። ቁጥር 12 አላመነም። መንገድ ሲሻገሩ ማጥፋት እንደሚገባ ግን ሁለቱም ተስማሙ።

ከዚያ ክሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ቁጥር 13ን የጻፉት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ጥያቄውን በጩኸት ስለሚመጣ ጉዳት ሳይሆን በአጠቃላይ ስለ መደንቆር አድርገው ነው ያነበቡት። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሡ ቀኝ ጆሯቸው ጭራሽ አልሰማ አላቸው። ስልክ ወደዚያ ጆሮ ሲያስጠጉ የሚናገር ሰው የለም። ሕመም ስላልነበረው ኩክ ነው ብለው ዘይት ሲጨምሩና ሲጠብቁ ወራት አለፉ፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ጊዜው አልፏል ተባሉ። ወጣቱን ልጅ ከማዳመጫ ይልቅ ኩክ እንዲያስወጣ መከሩት፣ በጥጥ እንጨት እንዳይነካካውም ጨመሩ።

ባለሙያዋ ቁጥር 14 ላይ ለእኚህ አባት በአክብሮት መለሰች፣ ለሌላው አንባቢ ደግሞ ጠንከር አድርጋ ጻፈች። በአንድ ጆሮ ላይ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የሚመጣ የመስማት መቀነስ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው። የሚሰጠው መድኃኒት፣ ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ፣ ዕድል የሚኖረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። ኩክ ነው ወይስ ሌላ የሚለውን ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ አይቶ በደቂቃ ይለየዋል እንጂ ሰው ቤቱ ተቀምጦ መገመት የለበትም። ከርዕሱ ውጪ ቢሆንም ይህን መልስ ከላይ ሰክቼዋለሁ።

ቁጥር 15 የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት ናት። ለልጇ የገዛችው ሄድፎን ላይ 85 ዴሲቤል የሚል ስለተጻፈበት ያለ ሰዓት ገደብ ትተወው እንደሆነ ጠየቀች። ቁጥር 4 ቀዝቅዞ የተመለሰው እዚህ ነው፤ መልሱም ጥሩ ነበር። በእሱ ሙያ 85 ማለት ቁጥጥር የሚጀመርበት መስመር እንጂ ልጅ ሲጫወትበት የሚውልበት መጠን እንዳልሆነ ነገራት። ባለሙያዋ ከዚያ ላይ ቀጥላ የልጅ መነሻው 75 መሆኑን አስታወሰቻት፤ በ85 ሲሰላ ለልጅ የሳምንቱ ድርሻ አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውም ቢሆን በምን መሣሪያ ተሰክቶ እንደተለካ ስለማይታወቅ፣ ገደቡን ልጁ በሚጠቀምበት ስልክ ላይ ጭምር ማድረግ ይሻላል። በአይፎን Settings ውስጥ Sounds & Haptics፣ ከዚያ Headphone Safety ላይ ከ75 እስከ 100 ዴሲቤል መምረጥ ይቻላል፤ እናቲቱ 75 ላይ አድርጋ በይለፍ ቃል ቆለፈችው።

ቁጥር 16 ሹል ነበር። ለዓመታት ድምፁን እስከ ጣሪያ ከፍቶ እንደሚሰማ፣ ጆሮው ስለለመደው ምንም እንዳልሆነ፣ ተመርምሮም ውጤቱ ደህና እንደነበር ጻፈና እዚህ የተሰበሰበውን ሰው በሙሉ ፈሪ አደረገው። ሁለት ሰዎች በስድብ ስለመለሱለት መልሶቻቸውን አንሥቻለሁ፤ ቁጥራቸው ባዶ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

ቁጥር 19 ላይ ባለሙያዋ የጻፈችው ከስድብ የበለጠ ነው። ጆሮ ድምፅ አይለምድም። ለመደው የሚመስለው ውስጠኛው ጆሮ ላይ ያሉት ፀጉር መሰል ሴሎች ደክመው ለጊዜው ሲዳከሙ ነው፤ ክሩን የከፈተው ልጅ ማታ ማታ የሚሰማው መደፈንና ጭውታ ያ ድካም ነው። በአንድ ሌሊት ወይም በሁለት ቀን ይመለሳል። ደጋግሞ ሲመጣ ግን አንድ ቀን ሳይመለስ ይቀራል፤ የሞቱት ሴሎች በሰው ላይ ዳግም አይበቅሉም። በጩኸት የሚመጣ ጉዳት በመጀመሪያ የሚታየው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ በምርመራው ግራፍ ላይ መስመሩ እዚያ ቦታ ጎድጎድ ይልና 8,000 ላይ መልሶ ይነሣል። ሰውየው ከመስማት በፊት የሚያጣው የቃላትን ጥራት ነው፤ ጫጫታ ባለበት ክፍል ሰው ሲያወራው ድምፁ ይሰማዋል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም።

ቁጥር 16 የምርመራ ውጤቱን ይዞ ድርቅ አለ። ባለሙያዋ በዚህ ላይ አልዋሸችውም፤ ውጤቱ ደህና ከሆነ ደህና መሆኑን ተቀበለች። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ የተደረገውን የተመራማሪዎቹን የኩጃዋንና የሊበርማንን ጥናት አነሣች። አይጦቹ በጩኸት ለጊዜው ደንቁረው መስማታቸው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ ሴሎቹን ከነርቩ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ግን በአንዳንድ ቦታ ግማሽ ያህሉ ጠፍተው ተገኙ። የተለመደው ምርመራ ይህን አያሳይም። በሰው ላይ ይህ ምን ያህል እንደሚሆን ተመራማሪዎች እስካሁን እንደሚከራከሩ ራሷ ጻፈች። ቁጥር 16 ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ያሸነፈ መሰለው፤ ክርክሩ እዚያው ቀረ።

ቁጥር 20 ላይ ክሩን የከፈተው ልጅ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ትልቁን ቆብ ለአንደኛው ጆሮ አድርጎ፣ ጩኸት ማጥፊያውን አብርቶ፣ ድምፁን ከታች እየጀመረ ሲጨምር የአውቶቡሱ አማካይ ወደ 83 ወርዷል። መምህርቷ ወዲያው አሰላችለት፤ 83 ላይ 20 ሰዓት ይፈቀዳል፣ እሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሰማል፣ ስለዚህ 37 ከግማሽ በመቶ። ማታ ማታ የሚሰማው ጭውታ በአብዛኛው ቀን ቀርቷል፤ ግን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ አሁንም ይመጣል። ባለሙያዋ እንዲመረመር መከረችው፤ ድካሙ ከውጤቱ ጋር እንዳይቀላቀል ከምርመራው በፊት የነበረውን ቀን ያለ ጩኸት አሳልፎ፣ አውቶቡስ ላይም ሳያዳምጥ፣ በጠዋት እንዲሄድ።

ቁጥር 22 እስካሁን አንድም ያልጻፈ ሰው ነው፤ ሁላችንም ያለፍነውን አየ። ልጁ ሥራውን በብዛት የሚሠራው በኮምፒውተር ከሆነ ስልኩ የሚመዘግበው በስልክ የተሰማውን ብቻ ነው፤ 71 የተባለው የሥራው ትክክለኛ መጠን እንደሆነ በምን ታወቀ? ቴክኒሺያኑ ጥያቄውን ወደደው፤ መንገዱንም አሳየ። አንዱን ቃለ መጠይቅ በኮምፒውተር ሲሠራ በሚሰማው መጠን ይክፈት፣ ከዚያ ያንኑ ፋይል በዚያው ማዳመጫ ከስልኩ እየከፈተ እኩል እስኪሆን ድረስ ያስተካክል፣ ወዲያ ወዲህ እያለ ያመሳክር፤ እኩል ሲሆን Control Center ውስጥ ያለው የጆሮ ምልክት በዚያች ቅጽበት ያለውን ዴሲቤል ያሳየዋል።

ልጁ በማግስቱ ሞክሮ 74 አገኘ። 74 ላይ የሚፈቀደው 160 ሰዓት ነው፤ 30 ሰዓቱ ወደ 19 በመቶ ይሆናል። ከአውቶቡሱ ጋር ሲደመር የሳምንቱ ድርሻ 56 በመቶ ያህል ነው። የቀረውን ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ሙዚቃ ይነካው እንደሆነ ጠይቋል፤ እሱን ስልኩ አይቆጥረውም፣ እስካሁንም የመለሰለት የለም።